በቀልድ ውስጥ ሦስተኛው ነገር የሚሰብረው ምኑን ነው?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ በሠርጎች ላይ መድረክ እመራለሁ። ቀልድ በሦስት ይዋቀራል፣ ሦስተኛውም ከሁለቱ የተለየ መሆን አለበት ሲባል ሰምቼ ይህችን ሠራሁ፦ ‹የሐዋሳ ባጃጅ ሹፌር አቋራጩን መንገድ፣ የሰውን ሁሉ ሚስጥርና ቀጭኔን በደንብ ያውቃል።› አንድም ሰው አልሳቀም። ከቀጭኔ የበለጠ የተለየ ምን ላመጣ ነው? ደግሞስ ለምን ሦስት ሆነ? አራት ቢሆን አያስቅም?»

ምላሽ፦ ቀጭኔዋ ያላሳቀችው ልዩነት አንሷት ሳይሆን በዝቶባት ነው። ሦስተኛው ነገር መስመሩን ይሰብራል ሲባል ከሁለቱ ጋር ያለውን ዝምድና ሁሉ ይበጥሳል ማለት አይደለም። በደንብ የተሠራ ሦስተኛ ነገር ከቀደሙት ሁለቱ ጋር በብዙ በኩል ይመሳሰላል፤ የሚለየው በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን፣ ያም አድማጩ ያለ ጥርጥር የጠበቀው ነገር ነው። እርስዎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሰበሩት የተሰበረው ምን እንደሆነ የሚታይበት መንገድ አልቀረም። ከዚህም ሌላ ከቀጭኔዋ በፊት አንድ፣ ከቀጭኔዋ በኋላ ደግሞ ሌላ አንድ ጉድለት አለ። እነዚህን ለማየት ግን አስቀድሞ ሦስት ለምን እንደተመረጠ መረዳት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ከሥላሴ፣ ከሦስት ጉልቻ ወይም በተረት ውስጥ ከምናገኛቸው ሦስት ወንድማማቾች ጋር ሲያገናኘው ይሰማል። ይህ ቁጥሩ ለጆሯችን ለምን እንግዳ እንዳልሆነ ይነግረን ይሆናል እንጂ ለምን እንደሚያስቅ አይነግረንም። እንዲያውም በምርቃትና በንግግር ውስጥ ሦስተኛው ነገር የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ የቀደሙትን ሁለቱን ያጸናል፣ ከፍ ያደርጋል፣ ይደመድማል። በቀልድ ውስጥ ሦስት የተመረጠው በቁጠባ ምክንያት ነው። አንድ ነገር ብቻ ሲነገር፣ ለምሳሌ «አቋራጩን ሁሉ ያውቃል» ሲባል፣ አድማጩ የሚገምተው ነገር የለውም፤ መረጃ ተቀበለ፣ በቃ። «ጉድጓዱን ሁሉ ያውቃል» ሲባል ግን ማንም ሳይነግረው በሁለቱ መካከል መስመር ያሰምራል፤ «ስለ ሹፌሩ የመንገድ ችሎታ ነው የሚወራው» ብሎ ይደመድምና ከተናጋሪው ቀድሞ ሄዶ ሦስተኛውን ይጠብቃል። የሚሰበር ነገር የተፈጠረው በዚህች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ነገር ግምት ሊፈርስበት የሚችለው የመጀመሪያው ቦታ ነው። ከዚያ በፊት የሚፈርስ ነገር አልተሠራም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የተሠራውን እንደገና መሥራት ይሆናል።

ይህ በልምድ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ሮዚንና ሦስት ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. «ኢሞሽን» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ሁለት ተመሳሳይ ነገሮች መጥተው ሦስተኛው የሚለይባቸውን ቀልዶች በሌላ ቁጥር እየጻፉ አወዳድረዋል። አንዱ ተመሳሳይ ተቀንሶ ሁለት ብቻ ሲሆኑም፣ አንድ ተጨምሮ አራት ሲሆኑም፣ ሰዎች የሦስቱን ያህል አልወደዷቸውም። ተመራማሪዎቹ ይኸው ቅርጽ በሙዚቃም ውስጥ በብዛት እንደሚገኝ አሳይተዋል። ቀልዶቹ የእንግሊዝኛ ስለሆኑ ውጤቱን ቃል በቃል ወደ እኛ መድረክ ማምጣት አይቻልም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች መስመር ለማስመር በቂ መሆናቸው ከቋንቋ ጋር የሚቀየር አይመስለኝም።

አራትን በተመለከተ፣ ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ምክንያት ይጠይቃል። አድማጮችዎ የሦስቱን ብልሃት የለመዱ ከሆኑ ሦስተኛውን ሳይሰብሩ አሳልፈው አራተኛው ላይ መስበር ያስቃል፤ የሚሰብሩት የለመዱትን ቁጥር ነውና። ዝርዝሩ ራሱ መርዘሙ የሚያስቅ ሲሆንም ቁጥሩ አያሳስብም፤ አማት ከገጠር ይዘው የመጡትን ሲቆጥሩ አሥራ አምስትም ላይ ቢደርሱ የሚያስቀው አለማለቁ ነው። ከእነዚህ ውጭ አራተኛው አድማጩን ያስጠብቃል፤ የሚጠብቅ አድማጭ ደግሞ ማሰብ ይጀምርና ማሳቂያውን ከእርስዎ ቀድሞ ያገኘዋል።

ወደ ቀጭኔዋ ልመለስ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄሪ ሰልስ በ1972 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ማብራሪያ መሠረት ሳቅ ሁለት እርከን አለው። መጀመሪያ አድማጩ ያልጠበቀው ነገር ይመጣና ይደናገራል፤ ቀጥሎ ያ ያልተጠበቀ ነገር በሌላ በኩል ሲታይ ትክክል ሆኖ የሚገኝበትን መንገድ ያገኛል፤ ሳቁ የሚመጣው ይህ መንገድ ሲገኝ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ካለ የሚቀረው ግራ መጋባት ነው። የባጃጅ ሹፌር ቀጭኔን ማወቁ ያልተጠበቀ ነው፤ ግን የትኛውም ተሳፋሪ፣ በየትኛውም መንገድ ቢያስበው፣ «ውይ፣ እውነት ነው!» የሚልበት ነገር የለውም። አድማጩ ፈልጎ አጣው፤ ዝምታው ማጣቱ ነው። ስለዚህ ከቀጭኔ የበለጠ እንግዳ ነገር ፍለጋ መሄድ ችግሩን ያባብሰዋል። የሚፈለገው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ነገር ግን በዚያ ቦታ ያልጠበቀው ነገር ነው።

አንድ ቀልድ ወስደን በቅርብ እንየው። ሦስት ሰዎች ከሐይቁ ተመልሰው አሞራ ገደል ላይ ተገናኙ። የመጀመሪያው፣ «ዛሬ አንድ ክንድ የሚያህል አምባዛ ያዝኩ» አለ። ሁለተኛው፣ «ሁለት ክንድ የሚያህል አምባዛ ያዝኩ» አለ። ሦስተኛው ልብሱን እየጨመቀ መለሰ፦ «ሦስት ክንድ የሚያህል አምባዛ ያዘኝ።»

ሦስተኛው ሰው የተናገራቸው ቃላት አምስት ናቸው። ከአምስቱ አራቱ አድማጩ የገመታቸው ናቸው፤ ቁጥሩ ሦስት እንደሚሆን ሳይቀር አስቀድሞ ያውቃል። ዓሣው ያው አምባዛ ነው፣ መለኪያው ያው ክንድ ነው፣ ፉከራውም እንዳለ ቀጥሏል። የተቀየረው የመጨረሻው ግሥ መድረሻ ብቻ ነው፤ ያዥና ተያዥ ቦታ ተለዋወጡ። ቀልዱ የሚሠራው ይህን ሁሉ ጠብቆ ያቺን አንዲት ነገር ስለሰበረ ነው። አሁን ሦስተኛው ሰው «ዣንጥላ ጠፋብኝ» ቢል ኖሮ በእርስዎ ሕግ መሠረት ይበልጥ የተለየ ይሆን ነበር፤ ሆኖም ማንም አይስቅም፤ ምክንያቱም ፉከራውም፣ ዓሣውም፣ ቁጥሩም አብረው ስለወደቁ የቀደሙት ሁለቱ በከንቱ ተነገሩ ማለት ነው።

ልብሱን መጭመቁም ያለ ነገር አልገባም። ሁለተኛውን እርከን፣ ማለትም «ለካ ዓሣው ጎትቶ ውኃ ውስጥ ከቶታል» የሚለውን መረዳት፣ የሚያመጣው እርሱ ነው። የሚቀመጥበት ቦታም ወሳኝ ነው። ከንግግሩ በኋላ ቢመጣ ማብራሪያ ይሆናል፤ ማብራሪያ ደግሞ ሳቅን ያቀዘቅዛል። ጨርሶ ባይኖር አንዳንዱ አድማጭ «እንዴት ያዘው?» እያለ ይቀራል። ከንግግሩ በፊት፣ በሐይቅ ዳር፣ የረጠበ ልብስ ማንንም ስለማያስገርም አድማጩ ሳያስተውለው ይዞት ያልፋል፤ ሲያስፈልገው በእጁ ያገኘዋል። እንዲሁም ሦስተኛው ሰው «እኔን» ብሎ ቢጀምር ቀልዱ በመጀመሪያው ቃል ያበቃል፤ የሚያዘው እርሱ እንደሆነ ቃሉ አስቀድሞ ያጋልጣልና። ለዚህ ነው ሦስቱም ሰዎች ያለ ተውላጠ ስም የሚናገሩት።

በዚሁ ቀልድ ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚገኝ ትምህርትም አለ። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሜትር የሚሆን አምባዛ ያዝኩ የሚል ሰው ትንሽ ቢያጋንን እንኳ ይታመናል። በአምባዛ ፈንታ ቆሮሶ ቢባል ግን የሐዋሳ ሰው ከመሳቁ በፊት ይከራከራል፤ ሁለት ክንድ የሚያህል ቆሮሶ አይቶ አያውቅምና ሁለተኛው ሰው ላይ ቆሞ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነገሮች ሥራቸው መታመን ነው፤ ማሳቅ የእነሱ ድርሻ አይደለም። ጀማሪ ቀልደኛ ከሚያስቸግሩት ነገሮች ዋነኛው ይህ ይመስለኛል፤ ሁለት ደረቅ ነገሮችን በተከታታይ መናገር ያስፈራዋል፣ ዝምታውን ስለማይችል ሁለተኛው ላይ ትንሽ ቀልድ ጣል ያደርጋል።

የእርስዎ የመጀመሪያው ጉድለት እዚህ ላይ ነው። አቋራጭ መንገድ ማወቅ የሥራ ችሎታ ነው። «የሰውን ሁሉ ሚስጥር» ማወቅ ግን ራሱ ቀልድ ነው፤ ሹፌሩን ከባለሙያነት ወደ ወሬኛነት ያዞረዋል። ስለዚህ መስመሩ የታጠፈው ሁለተኛው ላይ ነው። ቀጭኔዋ ስትመጣ አድማጩ በእጁ የያዘው ሁለት የማይገናኙ ነጥቦችን ነበር፤ ከሁለቱ ተነሥቶ የሚጠብቀው ነገር ስላልነበረው ቀጭኔዋ የሰበረችው ነገር አልነበረም።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ቀልዱን ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነግረው ዝም ይበሉና ሦስተኛውን እንዲገምት ይጠይቁት። ይህን ለጥቂት ሰዎች ለየብቻቸው ያድርጉት። ግምታቸው ወደ አንድ አካባቢ ከተሰበሰበ፣ ለምሳሌ አንዱ «የትራፊክ ፖሊስ የሚቆምበትን ያውቃል»፣ ሌላው «ነዳጅ ያለበትን ማደያ ያውቃል» ካለ፣ መስመሩ ተሰምሯል ማለት ነው። አንዱ ስለ መንገድ፣ ሌላው ስለ ሐሜት፣ ሦስተኛው ስለ ዘፈን ከገመተ መስመር የለም፤ መታረም ያለበት ሁለተኛው ነገር ነው እንጂ ሦስተኛው አይደለም። አንድ ሰው የእርስዎን ማሳቂያ ራሱን ከገመተ ደግሞ ሁለቱ ይሠራሉ፤ መቀየር ያለበት ሦስተኛው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከአማርኛ ሰዋስው የሚመጣ በመሆኑ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ የቀልድ መመሪያ አይነግርዎትም። መመሪያዎቹ «አሳቂው ቃል መጨረሻ ላይ ይሁን» ይላሉ። በአማርኛ ግን መጨረሻው የግሡ ቦታ ነው። ሦስት ስሞችን ደርድረን አንድ ግሥ ስናካፍላቸው አሳቂው ስም ከግሡ በፊት ይቀራል፤ ከእርሱ በኋላ «በደንብ ያውቃል»፣ «ገዝቼ መጣሁ» የሚል ጅራት ይከተላል። አድማጩ ሊስቅ ሲል እርስዎ እየተናገሩ ነው፤ እርስዎን ላለማቋረጥ ሳቁን ይውጠዋል፤ የተዋጠ ሳቅ ደግሞ ጨርሰው ዝም ሲሉ ተመልሶ አይመጣም።

ለዚህ ሁለት መውጫዎች አሉ። የመጀመሪያው ግሡን ወደ ፊት ማምጣት ነው። «ከአሞራ ገደል ዓሣ፣ ሎሚና የሰፈሩን ድመት ሁሉ ይዤ ተመለስኩ» ከማለት ይልቅ፣ «ከአሞራ ገደል ይዤ የተመለስኩት ዓሣ፣ ሎሚና የሰፈሩን ድመት ሁሉ ነው» ቢባል ከድመቶቹ በኋላ የሚቀረው «ነው» ብቻ ነው፤ እርሱም አጭርና ድምፁ የወረደ ስለሆነ ሳቁ ቢሸፍነው ጉዳት የለውም። በጨዋታ ወግ «ይዤ መጣሁ፤ ዓሣ፣ ሎሚ፣ የሰፈሩን ድመት ሁሉ» ማለትም ይቻላል፤ በጽሑፍ ጎርባጣ ቢመስልም በአፍ ያለ ችግር ይሄዳል። በታሪክ መልክ በሚነገር ቀልድ ውስጥ ጅራቱ «አለ» የሚለው ቃል ነው። የዓሣውን ቀልድ መልሰው ቢያዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰዎች ንግግር በ«አለ» ያበቃል፤ የሦስተኛው ግን «መለሰ» ከንግግሩ በፊት መጥቷል፤ ከማሳቂያው በኋላ አንድም ቃል እንዳይኖር ነው።

ሁለተኛው መውጫ ይሻላል፤ እኔም የምመክረው እርሱን ነው። ግሡን ከመሸሽ ይልቅ የሚሰበረው ነገር ራሱ ግሡ እንዲሆን ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ነገር የራሱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይስጡት፤ ሁለቱን በአንድ ግሥ ይዝጉ፤ ሦስተኛውን በሌላ። «ሙሽራው ሱፉን ተከራየ፤ መኪናውን ተከራየ፤ መድረክ መሪውን ለመነ።» እዚህ ላይ «መድረክ መሪውን» ሲባል አድማጩ ገና «ተከራየ» የሚለውን እየጠበቀ ነው፤ ስሙ መስመሩን አልሰበረም። እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ምንም አልሆነም፤ መጨረሻዋ ቃል ስትመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሆናል። እንደ እንግሊዝኛ ግሡን መካከል ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ይህን ለማግኘት ዓረፍተ ነገሩን ማጣመም አለበት፤ አማርኛ ግን በተፈጥሮው ያደርገዋል። ሲዳምኛም ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ፣ በሁለቱም ቋንቋዎች መድረክ የሚመሩ ከሆነ ይህ አሠራር ያለ ብዙ ችግር አብሮዎት ይሄዳል።

አሁን የእርስዎን ቀልድ እንጠግነው። መነሻው፣ ሹፌሩ ብዙ ነገር ማወቁ፣ ጥሩ ነው፤ ይቆይ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጎን ይሰለፍ፤ አቋራጩን የሚያውቅ ሰው ጉድጓዱንም ያውቃል፤ ሁለቱም የመንገድ ነገር ናቸው፤ ሁለቱም ይታመናሉ፤ በአነጋገርም ይመሳሰሉ ዘንድ «ሁሉ» የሚለውን ለሁለቱም እንስጣቸው። ለሦስተኛው ማንኛውም ተሳፋሪ ስለ ባጃጅ የሚያውቀውን፣ ከእውቀት ጋር የተያያዘ አንድ እውነት እንፈልግ። መልስ አለመስጠት አለ። ሻካራው ረቂቅ እንዲህ ይመጣል፦ «አቋራጩን ሁሉ ያውቃል፤ ጉድጓዱን ሁሉ ያውቃል፤ መልስ መስጠት ግን አያውቅም።» ይህ ትክክል ነው፤ ፈገግ ያሰኛል፤ ግን ሁለት ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። «መልስ» የሚለው ቃል ገና ሲወጣ ተሳፋሪ የነበረ ሁሉ መድረሻውን ያውቀዋል። «ግን» ደግሞ «አሁን ልሰብረው ነው» የሚል ማስታወቂያ ነው፤ «ሦስተኛው ግን» ብሎ የሚጀምር ቀልድ ሁሉ ይህ ችግር አለበት።

ስለዚህ «ግን» ይውጣ፤ «መልስ» የሚለውም ቃል ሳይጠራ ነገሩ ብቻ ይነገር፦ «የእኛ ሰፈር ባጃጅ ሹፌር አቋራጩን ሁሉ ያውቃል፤ ጉድጓዱን ሁሉ ያውቃል፤ ከመቶ ብር ላይ ሃያ ሲነሣ ስንት እንደሚቀር አያውቅም።» ሦስተኛው ረዝሟል፤ ርዝመቱ ይጠቅማል፤ አድማጩ ወዴት እንደሚሄድ እያሰበ እያለ ስሌቱን ራሱ ይሠራል፤ «ሰማንያ» ብሎ በልቡ መልስ ይሰጣል። ግሡ እስኪመጣ ድረስ ዓረፍተ ነገሩ በ«ያውቃል» ሊያልቅ ይችል ነበር፤ እንዲያውም እንዲያልቅ ይጠበቃል። ቀልዱ የተንጠለጠለው በ«ያውቃል»ና በ«አያውቅም» መካከል ነው። «የሐዋሳ» የሚለውንም «የእኛ ሰፈር» ያደረግሁት በምክንያት ነው፤ በሠርጉ ላይ የከተማው ባጃጅ ሹፌሮች ሁሉ ወንድም፣ አጎት ወይም ሚዜ አላቸው።

ከዚሁ ጋር የማስጠነቅቀው ነገር አለ። በዚህ ቀልድ ላይ «መልስ ሲጠየቅ ቋንቋ ይጠፋበታል» የሚል መጨረሻ ቀላል ሆኖ ወደ አፍ ይመጣል። አይጠቀሙበት። መስመሩን የሚሰብረው ሦስተኛው ነገር የቀልዱን ዒላማ የሚሸከም ነው፤ የብዙ ብሔረሰብ ልጆች በአንድ አዳራሽ በሚቀመጡበት ከተማ ውስጥ ዒላማው ቋንቋ ሲሆን አድማጩ ሹፌሩን ትቶ «ማንን ነው?» እያለ ዙሪያውን ያያል። የሙሽራውንም ቀልድ ቢሆን፣ የሚጎዳው ክፍያ ያላገኘው መድረክ መሪ ብቻ አይምሰልዎት፤ ሙሽራውም ሊጎዳ ይችላል፤ ሱፉ እውነትም ተከራይቶ ከሆነ ቤተሰቡ አይስቅም። አስቀድመው ሙሽራውን ጠይቀው ይንገሩት፤ ፊቱ ላይ ማመንታት ካዩ ይተዉት።

ስለ አነጋገሩም ጥቂት ልበል። ብዙዎች ከሦስተኛው በፊት ረጅም ዕረፍት ያደርጋሉ፤ ይህ «ግን» ከማለት አይሻልም። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ዕረፍት ምን ያህል እንደሆነ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከልም ያው ይሁን፤ ምቱ ራሱ የመስመሩ አካል ነው፤ አድማጩ «ያው ነው የሚቀጥለው» ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። «ሦስት ነገር ያውቃል» ብሎ አስቀድሞ ቁጥር መጥራትም አያስፈልግም፤ ማሳቂያው የሚመጣበትን ሰዓት መናገር ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚናገሩበትን ቦታ ያስቡ። አማርኛ ተናጋሪ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ማሳቂያው ግሡ ላይ ከሆነ ዝቅ የሚለው ማሳቂያው ነው። በሠርግ አዳራሽ ሞንታርቦው እያስተጋባ፣ ሳህን እየተንኳኳ፣ «ያዝኩ»ና «ያዘኝ» ለኋለኛው ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ሆነው ሊሰሙ ይችላሉ፤ ፊት ያሉት ሲስቁ ኋላ ያሉት «ምን አለ?» እያሉ ይጠያየቃሉ። ስለዚህ የአምባዛው ቀልድ ለቡና ወግና ለትንሽ ክፍል የሚሆን ነው። ለአዳራሽ ሙሉ ቃል የሚለወጥበትን ወይም ልዩነቱ ከሩቅ የሚሰማውን ይምረጡ፤ «ተከራየ»ና «ለመነ»፣ «ያውቃል»ና «አያውቅም» ይህን ይችላሉ። መጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ድምፅዎን አይጣሉ፤ ማይክሮፎኑንም ከአፍዎ ቀድመው አያንሱ።

ይህ አሠራር ገደብ አለው፤ እርሱም ድግግሞሽ ነው። በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠቀሙበት በኋላ አድማጩ ሦስተኛው እንደሚሰበር ይለምዳል፤ ያን ጊዜ መስበሩ ራሱ አዲሱ መስመር ይሆንና ማንንም አያስገርምም። በአንድ ዝግጅት ውስጥ አንድ፣ ቢበዛ በመካከሉ ሌላ ነገር ገብቶ ሁለት ይበቃል። የቀሩትን ቀልዶች በሌላ መንገድ ይሥሯቸው፤ በአማርኛ የቆየው ቀልድ፣ የአለቃ ገብረ ሃና ጨዋታዎች ጭምር፣ አብዛኛው በጥያቄና በመልስ፣ በቃላት ድርብ ትርጉም የቆመ እንጂ በሦስት የተደረደረ አይደለም። ሦስቱ አንድ መሣሪያ ነው፤ የሠርግ ታዳሚ ደግሞ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ቀጭኔዋን ይተዉ፤ ሚስጥሩንም ለሌላ ቀልድ ያቆዩት፤ የባጃጁን ቀልድ ከላይ በተስተካከለው መልክ፣ በሦስት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከእርሱ በፊት ሌላ የሦስት ቀልድ ሳያስገቡ ይንገሩት። ከመድረክ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለጥቂት ሰዎች ነግረው ግምታቸውን ይስሙ። «አያውቅም» ካሉ በኋላ ዝም ይበሉ። ሳቁ ከመጣ እስኪያልቅ ይጠብቁት፤ ካልመጣ «ገባችሁ?» ብለው አይጠይቁ፣ አያብራሩ፣ አራተኛ ነገርም አይጨምሩ፤ ኬኩ ወደሚቆረጥበት ይለፉ።